«ሰል» ላይ የጠፋው ሰሊጥ



አንድ የሁመራ ነጋዴ ስልኩን አውጥቶ «ሰሊጥ ዋጋ» ብሎ ሊፈልግ ነው እንበል። የሚጽፈው ብዙዎቻችን በለመድነው መንገድ፣ በላቲን ቁልፎች የአማርኛ ድምፅ እየመታ ነው። s ሲነካ ሳጥኑ ውስጥ «ስ» ይወጣል። e ሲጨምር ያው ፊደል ተለውጦ «ሰ» ይሆናል። ቀጥሎ l ሲመታ «ሰል»፣ i ሲመታ «ሰሊ»፣ በመጨረሻም «ሰሊጥ» ይላል።

አሁን ከሳጥኑ ሥር የሚዘረዘሩትን ጥቆማዎች እንከተል። «ስ» ላይ «ስንዴ ዋጋ» እና «ስልክ ቁጥር» ይመጣሉ፤ ሰሊጥ የለም። «ሰ» ላይ ከ«ሰላም» ቀጥሎ በሁለተኛ ረድፍ «ሰሊጥ ዋጋ» ብቅ ይላል። ነጋዴው ግን ገና ሳያየው ጣቱ ቀጣዩን ቁልፍ ነክቷል፤ «ሰል» ሲሆን ሰሊጡ ይጠፋና በቦታው «ሰልፍ» እና «ሰልባጅ» ይተካሉ። «ሰሊ» ላይ ደግሞ ተመልሶ ከሁሉም በላይ ይቀመጣል። ሰውዬው ከመጀመሪያው ቁልፍ እስከ መጨረሻው የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ ማሽኑ ግን በመካከል ሁለት ጊዜ ሐሳቡን የቀየረ መስሎታል። የዛሬው ንግግሬ ይህ ብልጭ ድርግም ከየት እንደሚመጣ ነው።

ሰው ጽፎ ሳይጨርስ የሚፈልገውን የመገመት ሥራ በጉግል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ነው። የሠራው ኬቨን ጊብስ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ ጊዜውም መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች የራሳቸውን ሐሳብ እንዲሞክሩበት ይፈቅድ ከነበረው ሰዓት ላይ የተገኘ ነበር። እስከ 2008 ድረስ በሙከራ ቆይቶ ወደ ዋናው ገጽ ገባ። ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ የአሠራሩ ሥር ቀላል ነው። ማሽኑ «ይህ ሰው ምን ሊል ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በውስጡ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ «ከዚህ በፊት እንዲህ ብለው የጀመሩ ሰዎች አብዛኞቹ ምን ብለው ጨረሱ?»

መልሱን የሚያገኘው ከፍለጋ መዝገቡ ነው። ሰዎች የጠየቋቸው ነገሮች ሁሉ እንደ መዝገበ ቃላት በፊደል ተራ ይደረደራሉ፤ በእያንዳንዱ አጠገብ ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ ይጻፋል። «ሰሊ» ተብሎ ሲጀመር በ«ሰሊ» የሚነሡት ሁሉ በአንድ ቦታ ተያይዘው ስለሚገኙ፣ ማሽኑ መነሻቸውንና መድረሻቸውን ብቻ ፈልጎ ከመካከላቸው ብዙ ጊዜ የተጠየቁትን ጥቂቶች ያወጣል። ይህ ሁሉ ከሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ባልበለጠ ጊዜ ማለቅ አለበት፤ አለዚያ ጣት ይቀድመዋል። ስለዚህ በየመነሻው የሚታዩት ጥቆማዎች አስቀድመው ተመርጠው ይቀመጣሉ።

ቁጥር ብቻውን የሰው ሐሳብ መለኪያ አይሆንም። ዚቭ ባር-ዮሴፍና ናማ ክራውስ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ አንድ ፊደል ብቻ በተጻፈበት ጊዜ «ብዙ ሰው የጨረሰበትን» መስጠት ደካማ ግምት ነው፤ ሰውዬው ከጥቂት ደቂቃ በፊት የፈለገው ነገር ሲታከልበት ግን ግምቱ ይሻሻላል። ነጋዴያችን ቀደም ብሎ ስለ ሁመራ አየር ሁኔታ ጠይቆ ከነበረ፣ በ«ሰ» ከሚጀምሩት ሁሉ ሰሊጥ ወደ ላይ ከፍ ማለት ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ስሌት ግን ማንም የማይጠራጠረው በሚመስል አንድ ግምት ላይ የቆመ ነው፤ ሰው በመካከል የደረሰበት ጽሑፍ ሁልጊዜ የመጨረሻው ጽሑፍ መጀመሪያ ነው የሚል ግምት። በእንግሊዝኛ ይህ እውነት ነው። እዚያ አንድ ቁልፍ አንድ ፊደል ይጨምራል እንጂ የተጻፈውን ፊደል አይለውጥም። በእኛ ፊደል ግን «ስ» የ«ሰሊጥ» መጀመሪያ አይደለም፤ «ሰል»ም አይደለም። እነዚህ ገና ያልተጨረሱ ፊደሎች ናቸው። ጅምሩ ያለው በቃሉ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በፊደሉ ውስጥም ነው፤ ማሽኑ ግን ያልበሰለውን ፊደል እንደ በሰለ ቆጥሮ ይሄዳል።

መፍትሔው ከፊደል ገበታችን አቀማመጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም የግዕዝ ፊደል ሲገባ እያንዳንዱ ቤተሰብ ስምንት ተከታታይ ቦታ ተሰጠው። ሰ U+1230 ላይ ይጀምራል፤ ሱ፣ ሲ፣ ሳ፣ ሴ እያለ ስ U+1235 ላይ፣ ሷ ደግሞ U+1237 ላይ ይቀመጣል። እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው፤ የመጨረሻው ፊደል ሳድስ ከሆነ ክፍት አድርገን እንየው፣ ከእርሱ በፊት ያሉት ግን የተዘጉ ናቸው። ሌላ ፊደል ከተከተለው በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚለወጥ የለምና። «ሰል» ሲመጣ «ሰ» እንዳለ ይያዛል፤ «ል» ግን ከ«ለ» እስከ «ሏ» ባለው ቤተሰብ ሁሉ ይተረጎማል። ቤተሰቡ ጎን ለጎን የተደረደረ ስለሆነ ይህ ሰባት ስምንት ጊዜ መፈለግን አያስገድድም፤ በተደረደረው መዝገብ ላይ ትንሽ ሰፋ ያለ አንድ ክልል ማየት ይበቃል። በእነዚህ ኪቦርዶች «ሴ» የሚጻፈው በ«ሲ» በኩል ታልፎ ከሆነ «ሲ»ም ለ«ሴ» ክፍት መሆን አለበት።

ደንቡ ለሁሉም ኪቦርድ አይሠራም። አንዳንዱ ኪቦርድ በመጀመሪያ ግዕዙን «ሰ» አውጥቶ ቀሪዎቹን ለምርጫ ያቀርባል፤ እዚያ ያልበሰለው ፊደል ሳድሱ ሳይሆን ግዕዙ ነው። የመፈለጊያው ገጽ የኪቦርዱን ስም ባያውቅም፣ «ስ» ወጥቶ በ«ሰ» ሲተካ ወይም «ሰ» ወጥቶ በ«ሲ» ሲተካ ያያል። ሁለት ሦስት ፊደል ከታየ በኋላ ጸሐፊው በየትኛው መንገድ እንደሚጽፍ ይለያል።

ሁለተኛው ችግር ከቁጥሩ ጋር የተያያዘ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። መጀመሪያውን በ«ጸ»ም በ«ፀ»ም እንጽፋለን፤ መካከለኛውን በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ። ሁለት ጊዜ ስድስት 12 ነው። «የፀሐይ ኃይል» ስንል ደግሞ ሁለተኛው ቃል የራሱን ስድስት ምርጫ ስለሚያመጣ አንድ ሐሳብ 72 መልክ ሊኖረው ይችላል። በየመልኩ የሚቆጥር ማሽን አንድ ብርቱ ጥያቄን ወደ ብዙ ደካሞች ይበታትነዋል።

ይህ ደግሞ ደረጃን ብቻ አያሳንስም፤ ከዝርዝሩ ጨርሶ ሊያስወጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ኤኦኤል የተባለው ድርጅት የ650,000 ያህል ተጠቃሚዎቹን ፍለጋ፣ ስማቸውን በቁጥር ተክቶ፣ ለምርምር ብሎ አወጣ። ጋዜጠኞች ከፍለጋዎቹ ብቻ ተነሥተው አንዷን ተጠቃሚ ማን እንደሆነች ደረሱባት። ጥቂት ሰው ብቻ የጻፈውን ጥያቄ ለሌላው ጥቆማ አድርጎ ማሳየት የዚያኑ ዓይነት አደጋ አለው፤ ሰዎች ስማቸውን፣ አድራሻቸውን፣ ሕመማቸውን ይፈልጋሉና። ስለዚህ ብዙ የተለያዩ ሰዎች ያልጠየቁት ነገር በጥቆማ እንዳይወጣ ዝቅተኛ ወሰን ይደረጋል። ይህን ጥንቃቄ በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን በ72 መልክ የተበተነ የአማርኛ ጥያቄ፣ መቶ ሰው ቢጠይቀውም፣ እያንዳንዱ መልክ ከወሰኑ በታች ሆኖ ሊቀር ይችላል።

የሚበጀው ማመሳከሪያውንና የሚታየውን መለየት ነው። ለማመሳከር ሁሉም ወደ አንድ መልክ ይመለሳሉ፤ ቁጥራቸውም ይደመራል። ለማሳየት ግን ሰዎች አዘውትረው የጻፉት መልክ ይመረጣል። የሚታየውንም አብሮ ማመሳሰል ስሕተት ነው፤ በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ የሌላውን ወሰደ ማለት ነው። ልዩነቱን አውቆ በጥንቃቄ የጻፈ ሰው ፊደሉ ተለውጦ ሊመለስለት አይገባም።

በ«የ» ስለሚጀምሩት አጭር ነገር ልበል። «ሰሊጥ ዋጋ» እና «የሰሊጥ ዋጋ» አንድ ፍላጎት ናቸው፤ በመዝገቡ ግን በጣም ተራርቀው ይቀመጣሉ። «የ»ን በጭፍን መቁረጥ ደግሞ «የመን»ን «መን»፣ «የካቲት»ን «ካቲት» ያደርጋል። ሲቆረጥ የሚቀረው ራሱ በብዛት የሚፈለግ ቃል ሲሆን ብቻ ሁለቱን ማገናኘት ይሻላል።

ይህን ሁሉ እኔም የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ከባልደረቦቼ ጋር የገበያ ዋጋ መፈለጊያ ስንሠራ በተለመደው መንገድ ፈተንነው። ከመዝገቡ ጥያቄ ይወሰዳል፤ ከመጀመሪያው ይቆረጣል፤ ማሽኑ ሙሉውን በስንተኛ ረድፍ እንዳመጣው ይታያል። አንደኛ ላይ ካመጣ 1፣ ሁለተኛ ላይ ግማሽ፣ ሦስተኛ ላይ ሲሶ፣ ካላመጣ 0 ይሰጠዋል፤ ከዚያ አማካዩ ይወሰዳል። የሰሊጡን ጥያቄ በፊደል ቆርጠን «ሰ»፣ «ሰሊ»፣ «ሰሊጥ» ስንለው ግማሽ፣ አንድ፣ አንድ አገኘን፤ አማካዩ 0.83 ነው። ደስ አለን። ከዚያ አንድ ነጋዴ አጠገብ ተቀምጬ ሲጽፍ ሳይ ጥቆማው ይጠፋል ይመጣል። ፈተናችን «ስ»ን እና «ሰል»ን ጨርሶ አይቷቸው አያውቅም ነበር፤ ያለቁ ፊደሎችን ብቻ ነበርና የሚቆርጠው። በቁልፍ ምት ቆርጠን ስንደግመው 0፣ ግማሽ፣ 0፣ 1፣ 1 ሆነ። አማካዩ 0.5 ነው። ማሽኑ ያው፣ ጥያቄውም ያው ነው፤ የተለወጠው የምንቆርጥበት ቦታ ብቻ ነው።

የመጨረሻውን ሳድስ ከከፈትን በኋላ «ሰል» ላይ ሰሊጥ ከ«ሰላም» ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ፤ አማካዩም 0.6 ደረሰ። «ስ» ላይ ግን አሁንም ዜሮ ነው። ሲከፈት መላው የ«ሰ» ቤተሰብ ስለሚገባ በስምንት ዐሥር ረድፍ ውስጥ ለሰሊጥ ቦታ አይደርሰውም። «የሰሊጥ ዋጋ» ብሎ ለሚጀምረው ደግሞ ይብሳል፤ የመጀመሪያ ቁልፉ «ይ» ነው፣ ሲከፈትም በ«የ» የሚነሣው ሁሉ ይጎርፋል።

እዚያች የመጀመሪያ ምት ላይ የብዙኃኑ ቁጥር አይረዳንም። ስለዚህ እኛ ለዚያች ምት ሌላ ነገር መረጥን፤ ሰውዬው ራሱ ከዚህ በፊት የፈለገውን፣ ከስልኩ ሳይወጣ እዚያው ተቀምጦ እንዲቀርብለት። ነጋዴው ባለፈው ሳምንት «ሰሊጥ ዋጋ» ብሎ ከነበር፣ አሁን s ሲነካ እርሱ ይመጣለታል።