ባዶው ቦታ ምን ይለካል?
የፈረንሳይኛ ስሞችን ጾታና የቅጽሎችን ስምምነት በመሙያ መልመጃ ስለ ማስተማር የተደረገ ንግግር



ፈረንሳይኛ የምናስተምር ሁሉ «ባዶውን ቦታ ሙሉ» የሚለውን መልመጃ በየሳምንቱ እንሰጣለን። መልመጃው ለማዘጋጀት ቀላል፣ ለማረም ፈጣን በመሆኑ ከእጃችን አይለይም። ይሁን እንጂ ተማሪው በባዶው ቦታ ላይ የተሳሳተ ቃል ሲጽፍ የጎደለው ዕውቀት የትኛው እንደ ሆነ መልመጃው ሁልጊዜ አይነግረንም። የስሙን ጾታ አለማወቁ አንድ ነገር ነው፤ ጾታውን እያወቀ ቅጽሉን ከስሙ ጋር አለማስማማቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ በአንድ ቀይ መስመር ሲታረሙ፣ የመጀመሪያው ችግር ላለበት ተማሪ የሁለተኛውን መድኃኒት እንሰጠዋለን። ዛሬ የምናገረው ሁለቱን ለይቶ የሚያሳይ መልመጃ እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው። ለምሳሌነትም መድረሻቸው የሚያሳስት ሁለት የስም ወገኖችን ወስጃለሁ።

በቅድሚያ ተማሪያችን ከአማርኛው ምን ይዞ እንደሚመጣ እንመልከት። አማርኛም ጾታ አለው። «ፀሐይ ወጣች» እንላለን፤ አንዱን መኪና እንደ አነጋገራችን «መኪናው» ወይም «መኪናዋ» ልንለው እንችላለን። «ቤቷ» ብለን ትንሽነትን ወይም ፍቅርን የምንገልጽበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ግዑዝ ነገር በአማርኛ እንደ ተናጋሪው ስሜት ጾታውን ሊለውጥ ይችላል። በፈረንሳይኛ ግን ይህ አይቻልም፤ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ማለት የሆነው «ፕላዥ» ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ ቢወደድም ቢጠላም አንስታይ ነው። ሁለተኛው ልዩነት በቅጽሉ ላይ ነው። «ትልቅ ወንድ ልጅ»፣ «ትልቅ ሴት ልጅ» ስንል «ትልቅ» አይለወጥም። ጾታን የሚሸከሙት ግሡና ከስሙ መጨረሻ ላይ የሚቀጠለው ምልክት ናቸው። ከዚህ የተነሣ ተማሪው የስሙን ጾታ በደንብ እያወቀ እንኳ ቅጽሉን ሳይለውጥ ይተወዋል። ከግእዝ የወረስናቸው «ቅዱስ» እና «ቅድስት» የመሰሉ ጥቂት ቃላት ግን ይለወጣሉ። በክፍል ውስጥ ቅጽል ከስም ጋር መስማማቱ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ከእነዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ስሞቹ እንምጣ። የመጀመሪያው ወገን በ«አዥ» የሚያልቁት ናቸው። ጉዞ «ቯያዥ»፣ አይብ «ፍሮማዥ»፣ መንደር «ቪላዥ»፣ ጋብቻ «ማሪያዥ» ይባላሉ፤ በአማርኛ የምንጠቀምበት «ጋራዥ»ም ከዚሁ ወገን ነው። እነዚህ ሁሉ ተባዕት ናቸው። ተማሪው ይህን ካወቀ በኋላ ገጽ ማለት የሆነውን «ፓዥ»፣ ሥዕል ወይም ምስል የሆነውን «ኢማዥ»፣ እንዲሁም «ፕላዥ»ን ያገኝና ግራ ይጋባል፤ ሦስቱም አንስታይ ናቸውና። ማጎሪያ የሆነው «ካዥ»፣ ኃይለኛ ቁጣ የሆነው «ራዥ» እና ዋና የሆነው «ናዥ»ም እንዲሁ ናቸው። ተማሪው በተደጋጋሚ የሚያገኛቸው ልዩ ቃላት እነዚህ ስድስቱ ናቸው።

ልዩነቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ«ቯያዥ» እና በ«ማሪያዥ» ላይ ያለው «አዥ» በሌላ ቃል ላይ የተቀጠለ መድረሻ ነው፤ ምንጩም በላቲን «አቲኩም» የሚባለው ቅጥያ ነው። ይህ ቅጥያ የሚሠራቸው ስሞች በፈረንሳይኛ ተባዕት ሆነዋል። «ፓዥ» ግን ከላቲኑ «ፓጊና»፣ «ኢማዥ»ም ከ«ኢማጎ» የመጡ ናቸው፤ ሁለቱ ቀድሞም አንስታይ ነበሩ። በእነዚህ ላይ «አዥ» የቃሉ ሥር ክፍል እንጂ ቅጥያ አይደለም። ሁለቱ ወገኖች በድምፅ የተገናኙት በዘመናት ለውጥ ነው።

ከዚህ ለክፍል የሚሆን ፈተና እናገኛለን። ተማሪው «አዥ»ን ከቃሉ ላይ አንሥቶ የሚቀረውን ይመልከት። ከ«ማሪያዥ» ማግባት የሚለው ግሥ ሥር ይቀራል፤ ከ«ቪላዥ» ከተማ የሚለው «ቪል» ይቀራል። የሚታወቅ ቃል ከቀረ ስሙ ተባዕት ነው። ከ«ፓዥ» ወይም ከ«ካዥ» ላይ ቢነሣ ግን አንድ ብቸኛ ተነባቢ እንጂ ቃል አይቀርም። ፈተናው ወሰን እንዳለውም ለተማሪው መንገር ያስፈልጋል። የፎቅ ደረጃ የሆነው «ኤታዥ» ሥሩ ዛሬ ለተማሪ አይታይም፤ ዕድሜ የሆነው «አዥ» ራሱም ሲነሣ የሚቀረው ነገር የለም፤ ሁለቱም ግን ተባዕት ናቸው። ስለዚህ የሚታወቅ ቃል ሲቀር መልሱ የታመነ ነው፤ ሳይቀር ግን ተማሪው ስድስቱን ልዩ ቃላት በቃሉ መያዙን ይመርምር።

ሁለተኛው ወገን በጽሕፈት «ኧ» የሚባለው ፊደል በመጨረሻው ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የሚገኝባቸው፣ ከሁለቱም የመጀመሪያው ጭረት ያለበት፣ በንባብም በ«ኤ» የሚያልቁት ናቸው። ዓመት «አኔ»፣ ቀን «ዡርኔ»፣ ሠራዊት «አርሜ»፣ ሐሳብ «ኢዴ» ሁሉ አንስታይ ናቸው። በአዲስ አበባ ማንም የሚያውቀው «ሊሴ» ግን ተባዕት ነው። ሙዚየም የሆነው «ሙዜ»፣ የክብር መቃብር የሆነው «ሞዞሌ»፣ የድል ምልክት የሆነው «ትሮፌ»ም ተባዕት ናቸው። የእነዚህ ምንጭ ግሪክኛ ሲሆን በላቲን በኩል አልፈዋል፤ በላቲን መጨረሻቸው «ኤዩም» የሆነና ጾታቸው ከወንድም ከሴትም ያልሆነ ስሞች ነበሩ። እንዲህ ያሉት ስሞች በፈረንሳይኛ ከተባዕቱ ጋር ተደባለቁ። በአማርኛ «ሙዚየም» ስንል የቀድሞው መድረሻ እስከ ዛሬ ይሰማል፤ ለተማሪውም ጥሩ ማስታወሻ ይሆነዋል።

እንግዲህ ወደ መልመጃው እንመለስ። «ፕላዥ» እና «ሎን» የሚለውን ቅጽል እንውሰድ፤ ትርጉሙ ረጅም ሲሆን በአንስታይ «ሎንግ» ይሆናል። በዚህ ስም ላይ ባዶ ቦታ የምንተውባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። በመጀመሪያው መንገድ ከስሙ በፊት ያለውን «ለ» ወይም «ላ» እንሰውራለን። ይህ ጾታን ብቻ ይለካል፤ ምርጫው ሁለት ብቻ ስለ ሆነም በ10 ጥያቄ ምንም የማያውቅ ተማሪ በግምት 5 ያህል ሊያገኝ ይችላል። በሁለተኛው መንገድ «ላ ፕላዥ ኤ ...» ብለን ቅጽሉን እንሰውራለን። እዚህ «ላ» ጾታውን ስለ ነገረችው ተማሪው ስለ ስሙ ምንም ማወቅ አያስፈልገውም፤ የሚለካው ስምምነቱ ብቻ ነው። በሦስተኛው መንገድ «ኖትር ፕላዥ ኤ ...» እንላለን። «የእኛ» የሚለው «ኖትር» ለሁለቱም ጾታ አንድ ስለ ሆነ ተማሪው ጾታውንም ስምምነቱንም ከራሱ ማምጣት አለበት።

ከእነዚህ አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲጣመሩ ግን ችግሩ ይገለጣል። አንድ ተማሪ በሁለተኛው «ሎንግ»፣ በሦስተኛው «ሎን» ቢጽፍ ስምምነትን ያውቃል፤ የማያውቀው «ፕላዥ» አንስታይ መሆኑን ነው። መድኃኒቱ የቅጽል ሰንጠረዥ ሳይሆን ስሙን ከነ «ላ» ማጥናት ነው። በሁለቱም «ሎን» ቢጽፍ «ላ» ፊት ለፊቱ እያለች ቅጽሉን አልለወጠምና የስምምነት ችግር መኖሩ የተረጋገጠ ነው። ስለ ጾታው ግን ገና ምንም አናውቅም፤ ያን ለማወቅ የመጀመሪያው ዓይነት ጥያቄ ይጨመርለታል። በሁለቱም «ሎንግ» ከጻፈ ሁለቱንም ያውቃል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሁሉን ነገር አንስታይ የሚያደርግ ተማሪም እንዲሁ ሊጽፍ ስለሚችል፣ «ቯያዥ»ን በዚያው አኳኋን አጠገቡ ማስገባት ይገባል። «ኖትር ቯያዥ ኤ ሎን» ብሎ ከጻፈ ጥርጣሬው ያበቃል።

የሚመረጠው ቅጽልም ቢሆን ጥንቃቄን ይፈልጋል። ቀይ የሆነው «ሩዥ» በሁለቱም ጾታ አንድ ስለ ሆነ ባዶው ቦታ ምንም አይለካም። ቆንጆ የሆነው «ዦሊ» በጽሕፈት ቢለወጥም በጆሮ አይለይም፤ ስለዚህ ለጽሑፍ እንጂ ለቃል መልመጃ አይሆንም። ለሁለቱም የሚስማሙት «ብላን» እና «ብላንሽ»፣ «ቬር» እና «ቬርት»፣ «ፕቲ» እና «ፕቲት» የመሰሉት ናቸው። በእነዚህ የአንስታዩ የመጨረሻ ተነባቢ ይሰማል፤ በተባዕቱ ይጠፋል። ለተማሪው አንስታዩን አስቀድሞ አሰምቶ ያችን ተነባቢ እንዲጥላት ማድረግ ይቀላል፤ ከተባዕቱ ቢነሣ ግን የትኛዋን ተነባቢ እንደሚጨምር አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታልና።

በአናባቢ የሚጀምሩ ስሞች ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «ኢማዥ» እና «ኢዴ» አንስታይ ሲሆኑ «የእኔ» ለማለት «ሞን ኢማዥ»፣ «ሞን ኢዴ» ይባላል። «ሞን» የተባዕት ምልክት ብቻ መሆኑን የተማረ ልጅ ቅጽሉን በተባዕት ቢሞላ የተሳሳተው በተማረው ደንብ ነው። ስለዚህ ይህ ደንብ ሳይነገር «ሞን» ያለበት ዓረፍተ ነገር ለመሙያ መሰጠት የለበትም።

የቃላቱ ብዛትም መመጣጠን አለበት። በ12 ጥያቄ ውስጥ 10ሩ ተባዕት ቢሆኑ ሁሉን ተባዕት ያደረገ ሰነፍ 10 ያገኛል። ልዩዎቹን ብቻ ብንደረድርም ተማሪው «አዥ» የአንስታይ መድረሻ ነው ብሎ ይሄዳል። 6 ከ6 ቀላቅሎ ማቅረብ ከሁለቱም ጉዳት ያድናል።

ስምን ከነ ምልክቱ ማጥናት አዲስ ነገር እንዳልሆነ የከተማችን አንድ ሰፈር ይመሰክራል። የባቡሩ መስመር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ሕዝቡ ጣቢያውን የጠራው ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ሲሉ እንደ ሰማው ነው። «ለገሃር» በሚለው ስም ውስጥ የአንስታዩ ምልክት «ላ» ከስሙ ጋር ተጣብቃ ቀርታለች። ተማሪዎቻችንም «ፕላዥ» ብለው ብቻ ሳይሆን «ላ ፕላዥ» ብለው፣ «ሊሴ» ብለው ብቻ ሳይሆን «ለ ሊሴ» ብለው በደብተራቸው ይጻፉ። ለአናባቢ ጀማሪዎቹ ምልክቱ ስለሚያጥር «ዩን ኢማዥ» ይበሉ፤ «ዩን» ጾታዋን አትሰውርምና።

በመጨረሻም ስለ እርማት አንድ ነገር ልጨምር። በቀይ መስመር ፋንታ ሁለት ምልክቶችን እንጠቀም፤ ለጾታ ስሕተት «ጾ»፣ ለስምምነት ስሕተት «ስ»። የአንድን ክፍል ወረቀቶች አርመን ስንጨርስ የሁለቱን ብዛት እንቁጠር። «ጾ» ከበዛ የሚቀጥለው ትምህርት የስሞች ጥናት ነው፤ «ስ» ከበዛ የቅጽሎች ልምምድ ነው።