ከዜሮ የማይነሣ ግራፍ፦ የንፋስ ስልክ ላፍቶና የቦሌ ንጽጽር



ንግግሬን የምጀምረው በአንድ የመረጃ ትርጓሜ ጥያቄ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ፣ ዛሬ የተሰበሰብንበት የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ 316,283፣ የቦሌ ክፍለ ከተማ ደግሞ 308,995 ነዋሪዎች ነበሯቸው። ሁለቱን ቁጥሮች በባር ግራፍ እናስቀምጥ። ቋሚው አክሲስ ከ305,000 ይጀምር፤ ለእያንዳንዱ 1,000 ሰው አንድ ሴንቲ ሜትር ይሰጥ። ጥያቄው ይህ ነው፦ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ሕዝብ የቦሌን ስንት እጥፍ ነው?

ማስመሪያውን ያነሣ ተማሪ አንዱን ባር 11.3፣ ሌላውን 4 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ያገኘዋል። አካፍሎም «ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል» ይላል። መለካቱም ማካፈሉም ትክክል ነው። የለካው ግን ሕዝቡን ሳይሆን ከ305,000 በላይ የተረፈውን፣ ማለትም 11,283ን እና 3,995ን ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ባር ሥር የተቆረጡትን 305,000 ሰዎች መልሰን ስንቆጥር ጥምርታው 1.02 ይሆናል።

በዚህ ግራፍ የሚመራ ሰው ለሁለቱ ክፍለ ከተሞች በሕዝብ ብዛት ልክ በጀት ቢያከፋፍል፣ ከየ100 ብሩ 74ቱን ለንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ 26ቱን ለቦሌ ይሰጣል። በቆጠራው መሠረት ግን ድርሻቸው 50.6 እና 49.4 ነው። አንድም ቁጥር ሳይዋሽ የቦሌ ነዋሪ የድርሻውን ግማሽ ያህል ያጣል።

ስሕተቱን ለመለየት የአክሲሱን መነሻ መለወጥ ይበቃል። ከ300,000 ብንጀምር የባሮቹ ጥምርታ ከ2.8 ወደ 1.8 ይወርዳል። አንድም ነዋሪ አልመጣም፤ አልሄደም። መነሻው ሲለወጥ የሚለወጥ መልስ ስለ ሕዝቡ ሳይሆን ስለ ሠዓሊው ምርጫ የሚናገር ነው። በአንጻሩ በሁለቱ መካከል ያለው የ7,288 ሰው ልዩነት መነሻው የትም ቢሆን አይለወጥም። ስለዚህ ከተቆረጠ አክሲስ ላይ «በስንት ይበልጣል?» ለሚለው መልስ ማንበብ ይቻላል፤ «ስንት እጥፍ ነው?» ለሚለው ግን አይቻልም።

ይህ ሲባል ግራፍ ሁሉ ከዜሮ ይነሣ ማለት አይደለም። የሕሙማንን የሰውነት ሙቀት የሚያሳይ የመስመር ግራፍ ከ35 ዲግሪ ቢጀምር ተገቢ ነው፤ ከዜሮ ቢነሣ ትኩሳቱ ከዓይን ይሰወራል። በመስመር ግራፍ ላይ የምንከተለው የነጥቦቹን መውጣትና መውረድ ነው። ባር ግን በሙሉ ቁመቱ ስለሚነበብ ሥሩ ሊቆረጥ አይገባም።

እንግዲህ ባር ግራፍ ሲቀርብላችሁ፣ ከጫፉ በፊት ከታች የተጻፈውን የመጀመሪያ ቁጥር አንብቡ።