በጾም ቀን ለሚሠራ ሰው ሦስት ሲኒ ጥራጥሬ

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ ተዘጋጅቷል።)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ድስታችን ነው። በሰፈራችን ድንጋይ የሚሸከም፣ ግንበኛ፣ ልብስ አጣቢ፣ ጥበቃ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው ብዙ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ጾሙ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ «ጉልበቴ ከዳኝ፣ ቀበቶዬ ላላ» የሚለው ሰው ይበዛል። ጥፋቱን ሁሉ በጾሙ ላይ እናደርገዋለን። ነገር ግን ድስቱን ከፍተን ብናይ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው የሚገኘው። ሥጋው፣ ወተቱና እንቁላሉ ሲወጣ በቦታው የገባው ነገር በቂ አይደለም።

ሥጋና ወተት የሚሰጡት ገንቢ ምግብ ፕሮቲን ይባላል። የደከመ ጡንቻ የሚታደሰው በእርሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ልክ መሠረት ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.83 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 50 ግራም ያህል ይሆናል። ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ግን እንደ ሥጋው ሁሉ በሆድ ውስጥ አልቆ አይፈጭም። ስለዚህ በጾም ቀን 60 ግራም ብለን እንያዘው። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ሁሉ ይህን 60 ግራም ስለ መሙላት ነው።

መጀመሪያ እንጀራውን እንቁጠር። አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት ከ100 ግራም የማያንስ ፕሮቲን አለው። ከአንድ ኪሎ ስምንት እንጀራ የምታወጣ እናት በአንዱ እንጀራ 12 ግራም ያህል አገኘች ማለት ነው። አንድ ሠራተኛ በቀን ሁለት እንጀራ ተኩል ቢበላ 30 ግራም ሆነ፤ ግማሹ ሞላ። ጤፉ ሩዝ ወይም በቆሎ የተቀላቀለበት ከሆነ ግን ከዚህ ያንሳል። የቀረውን 30 ግራም ማምጣት ያለበት ወጡ ነው።

እንግዲህ ወጡ ያመጣል ወይ? አንድ ድስት ሽሮ እንመልከት። አራት የሚሠሩ ሰዎች ያሉበት ቤት ነው እንበል። ሽንኩርቱ በደንብ ተቁላልቷል፣ በርበሬው ጥሩ ነው፣ ዘይቱ ከላይ ቀይ ሆኖ ተንሳፏል፤ ለዓይን የሞላ ወጥ ነው። የሽሮው ዱቄት ግን ሁለት የቡና ሲኒ ብቻ ነው፤ ሌላው ውኃ ነው። አንድ ሲኒ የሽሮ ዱቄት 40 ግራም ያህል ይመዝናል። በውስጡ ያለው ፕሮቲን 8 ግራም ያህል ነው። ሁለቱ ሲኒ 16 ሆነ፤ ለአራት ሲካፈል ለአንዱ ሰው 4 ግራም ደረሰው። ይኸው ሽሮ ማታም ቢደገም 8 ግራም ነው። ከእንጀራው 30 ጋር 38 ሆነ። በየቀኑ 22 ግራም ይጎድላል ማለት ነው። አንድ ቀን ቢሆን ምንም አልነበረም፤ 55 ቀን ሲሆን ግን ሰውነት ጉድለቱን ከራሱ ጡንቻ ላይ መክፈል ይጀምራል።

በስብሰባው ላይ አንዲት እናት «ታዲያ ዘይት ጨመር ባደርግበትስ?» ብለው ጠይቀውናል። እትዬ፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው። ዘይት ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲን የለውም። ይሁንና ከንቱ አይደለም። ሰው የሚበላው በጠቅላላው ካነሰ ሰውነቱ ያገኘውን ፕሮቲን እንደ ማገዶ ያነደዋል፤ ለጡንቻው አይተርፍም። ስለዚህ ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው እንጀራውም ዘይቱም አይቀነስበት። የጥራጥሬውን ቦታ ግን ዘይት አይተካም።

አሁን ወደ መፍትሔው እንምጣ። ለማስታወስ እንዲቀል በሲኒ አድርገነዋል። ለአንድ ሠራተኛ ለአንድ ቀን ሦስት ሲኒ፦ አንድ ሲኒ ምስር፣ አንድ ሲኒ የሽሮ ዱቄት፣ አንድ ሲኒ ባቄላ ወይም ሽምብራ። የሚለካው ሳይበስል፣ በጥሬው ነው። ከበሰለ በኋላ ውኃ ስለሚጠጣ መጠኑ ያታልላል።

ቀኑን እንዲህ እናውለው። በ9 ሰዓት የሚፈታው ሠራተኛ በመጀመሪያው ገበታ አንድ እንጀራ ተኩል በምስር ወጥ ይበላል። እንጀራው 18 ግራም ነው። አንዱ ሲኒ ምስር 60 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚያ የሚገኘው ፕሮቲን 14 ግራም ነው። ማታ አንድ እንጀራ በሽሮ ይበላል፤ እንጀራው 12፣ ሽሮው 8። ከሽሮው ጎን የባቄላ ንፍሮ ይቀርባል። አንድ ሲኒ ባቄላ 50 ግራም ያህል ሲሆን 12 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ደምሩት፤ 64 ሆነ። ከልኩ አለፍ ብሏል እንጂ አልጎደለም። ለአራቱ ሰዎች በአንድነት ስንገዛ 240 ግራም ምስር፣ 160 ግራም ሽሮና 200 ግራም ባቄላ ማለት ነው፤ በጠቅላላው 600 ግራም።

ልብ በሉ፤ ሽሮው ብቻውን ይህን ሥራ አይሠራም። ዱቄት ስለሆነ ሲኒው ሞልቶ እንኳ ክብደቱ ቀላል ነው። 26 ግራሙን ከሽሮ ብቻ እናምጣ ብንል ለአንድ ሰው በቀን ከሦስት ሲኒ በላይ ዱቄት ይፈልጋል፤ ያ ወጥ ሳይሆን ገንፎ ይሆናል። ስለዚህ ሽሮ በሚቀርብበት ገበታ ላይ አንድ የሚታኘክ ነገር ይኑር፤ ንፍሮ፣ የሽምብራ ቆሎ፣ ወይም አዚፋ። ቆሎው ደግሞ ማብሰያ ለሌለው ለጥበቃ ሠራተኛ ይመቻል፤ ከሰዓቱ በኋላ ከኪሱ አውጥቶ ይበላዋል። ምስር ሲወደድ በቦታው ባቄላ ወይም የአተር ክክ ቢገባ በፕሮቲን በኩል የሚጎድል ነገር የለም። ሽምብራ ከምስር ጥቂት ያንሳል፤ ሲኒውን ሞላ አድርጎ መስፈር ይበቃል።

እንጀራና ጥራጥሬ አብረው መበላታቸውም ምክንያት አለው። ፕሮቲን ከብዙ ዓይነት ጡብ የተሠራ ግድግዳ ነው ብንል፣ እህል አንዱ ጡብ ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ደግሞ ሌላው ያንሰዋል። እህል የሚያንሰው ጥራጥሬ ዘንድ ሞልቷል፤ ጥራጥሬ የሚያንሰው ጤፍ ዘንድ አለ። ሁለቱ በአንድ ቀን ውስጥ ከተገናኙ ግድግዳው ይቆማል። የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ስንዴና ባቄላ አንድ ላይ ሆኖ መቀቀሉ በዚህ በኩል ሲታይ ትክክለኛ ምግብ ነው።

ስለ አበሳሰሉ ጥቂት እንበል፤ ብዙ ሰው «ጥራጥሬ ሆዴን ይነፋኛል» እያለ የሚሸሸው በአበሳሰል ጉድለት ነውና። ባቄላና ሽምብራ ማታ በብዙ ውኃ ይዘፈዘፍ፤ ጠዋት ያ ውኃ ይደፋና በአዲስ ውኃ ይጣድ። ሆድ የሚነፋው ነገር በከፊል ከተደፋው ውኃ ጋር ይሄዳል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቆላ ከሚቀቀለው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ቲማቲም ወይም ሎሚ ጥራጥሬው ሳይለሰልስ ከገባ ፍሬው ይጠነክራል፤ ከለሰለሰ በኋላ ይግባ። መብሰሉን ለማወቅ አንዷን ፍሬ በሁለት ጣት ጨፍልቋት። መሐሏ ነጭና ደረቅ ሆኖ ከታየ ገና ነው። በደንብ ያልበሰለ ጥራጥሬ ሆድ ውስጥ ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት፤ ይህ የሚጠፋው በእሳት ነው። ሽሮም እንዲሁ ነው። ሲወፍር ቶሎ አይውጣ፤ የጥሬ ዱቄቱ ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ በዝግታ ይንተክተክ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ተፈጭቶ የሚሸጥ ርካሽ ሽሮ ስንገዛ በውስጡ ምን እንዳለ አናይም። ጓያ ሊኖርበት ይችላል። ጓያ ፕሮቲኑ ብዙ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ከተበላ እግር ያሽመደምዳል፤ የተሽመደመደው እግርም ወደ ቀድሞው አይመለስም። አልፎ አልፎ በጥቂቱ የተበላ ሳይሆን በየቀኑ የሚበላ ሽሮ ነው የሚያሰጋው፤ በጾም ወራት ደግሞ ሽሮ በየቀኑ ነው። ስለዚህ አቅም ያለው እህሉን በፍሬው ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ ቆልቶ፣ ራሱ ያስፈጭ። የጓያ ፍሬ እንደ አተር ክብ ሳይሆን ማዕዘን ያለው፣ እንደ ሽብልቅ የሾለ ስለሆነ በለቀማ ጊዜ ይለያል። ብቻውን ማስፈጨት የሚከብደው ከጎረቤቱ ጋር ተዳብሎ ያስፈጭ።

ይህ ልክ ለሁሉም አይደለም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ጥራጥሬ ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ እርሱ እንዲቀንስ ሊታዘዝ ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከዚህ የበለጠ ያስፈልጋታል፤ ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቷና ከሐኪም ጋር ትነጋገር። ሦስቱን ሲኒ እየበላ ድካሙ ያልለቀቀው ሰው ደግሞ ነገሩ የምግብ ላይሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር።

በመጨረሻም፣ ሲኒ ሁሉ አንድ አይደለም። እኛ የለካነው 70 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዘውን ነው። የእናንተ ሲኒ ከዚህ ያንስ ወይም ይበልጥ እንደሆነ ለማወቅ ሲኒያችሁንና ጥቂት ምስር ይዛችሁ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብቅ በሉ፤ በሚዛናችን እንመዝንላችኋለን። ምስሩ 60 ግራም ከሞላ ሲኒያችሁ ልክ ነው። ካነሰ ምን ያህል መጨመር እንዳለባችሁ በወረቀት ጽፈን እንሰጣለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ