ለ400 ልጆች የሚበቃ ወጥ



አዲስ አበባ በ2012 የትምህርት ዘመን በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ምገባን በስፋት ጀምራለች። በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማለዳ ሥራ ለሚገቡ እናቶች፣ ምሳ ለመቋጠር ጊዜ ለሚያጥራቸው፣ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው።

የ400 ተማሪዎችን ምሳ ስናሰላ የምንነሣው ከእንጀራው ሳይሆን ከወጡ ነው። እንጀራ ሆድ ይሞላል፤ ለሰውነት ግንባታ የሚጎድለውን የሚያሟላው ግን ምስሩ፣ አተሩና ባቄላው ነው። ለአንድ ልጅ 40 ግራም ደረቅ ጥራጥሬ ብንመድብ በቀን 16 ኪሎ ይሆናል፤ እያንዳንዱም ልጅ ከዚህ ወደ 9 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ያገኛል። ይህ በጾምም በፍስክም የሚያገለግል መሠረት ነው።

ገንዘብ ሲያጥር አስቀድሞ የሚቀጥነው ወጡ ነው። በድስት የሚለካ ወጥ ጉድለቱን ውኃ ይሸፍንለታል፤ ስለዚህ ጥራጥሬው ከመቀቀሉ በፊት ተመዝኖ ይውጣ፣ በመዝገብም ይፈረምበት። ምስር ሲወደድ በአተር ክክ እንተካው እንጂ መጠኑን አንቀንስ።

ሻይ ከምሳው ጋር አይቅረብ፤ በጥራጥሬው ያለው የብረት ንጥረ ነገር ወደ ሰውነት እንዳይዘልቅ ያውካልና። በምትኩ ጥሬ ቲማቲምና ቃሪያ ወይም ጥቂት ሎሚ ቢታከል ብረቱ በደንብ እንዲዋሐድ ይረዳል።