ጨጓራዬን ያቃጥለኛል ለሚል ምእመን አስቀድሞ የሚቀርብ ጥያቄ

(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ከቀረበ ንግግር)





በዐቢይ ጾም «ሆዴ ባዶ ሲሆን ከእንብርቴ በላይ እንደ እሳት ያቃጥለኛል» የሚል ምእመን ወደ እናንተ ይመጣል። ብዙ ጊዜ «ጨጓራ ነው፤ ጾሙ ነው» ተብሎ ይሸኛል። እኛ ግን አስቀድሞ አንድ ጥያቄ እንዲቀርብለት እንሻለን፤ «ለሌላ ሕመም የምትወስደው ማስታገሻ አለ ወይ?»

ምክንያቱን በአንድ መሪጌታ ታሪክ እናስረዳ። ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው የሚያድሩ ናቸውና ጉልበታቸውን ይቆረጥማቸዋል። ስለዚህም ከመድኃኒት መደብር ዲክሎፌናክ እየገዙ ጠዋትና ማታ ይውጡ ነበር። ጾም ሲገባ ማቃጠሉ ጀመራቸው። ማታ እህል ሲቀምሱና ተልባ ሲጠጡ ረገብ ስለሚልላቸው ታገሡት። በሦስተኛው ሳምንት ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቆረ፤ በማኅሌት መካከልም ራሳቸውን አዙሯቸው ወደቁ። በሆስፒታል ሲመረመሩ በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ የሚደማ ቁስለት ተገኘ።

በተለምዶ «ጨጓራ» የምንለው ስም ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። የጨጓራ መቆጣት የውስጠኛው ልባስ መቅላትና ማበጥ ነው። ቁስለት ግን ልባሱ ተቦርቡሮ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ነው፤ ደም ሥር ሲነካ ይደማል፣ ሲብስም ግድግዳውን ይበሳል። ሲርብ የሚጠና፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ በምግብም የሚበርድ ሕመም የአንጀት ቁስለትን ያስጠረጥራል። ሆኖም በስሜቱ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ በርግጥ የሚለያቸው በጉሮሮ የሚገባው መመልከቻ፣ ኢንዶስኮፒ ነው።

ቁስለትን ከሚያመጡት ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ፣ ሁለተኛው እንደ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉ ማስታገሻዎች። እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን ሲያበርዱ ጨጓራን ከአሲድ የሚጋርደውንም ሽፋን ያሳሳሉ። ይህም በደም በኩል ስለሚሠራ ከምግብ በኋላ መዋጥ፣ ወይም ብዙዎች እንደሚያስቡት በመርፌ መወጋት፣ ከቁስለት አያድንም።

መሪጌታው ዲክሎፌናኩን አቆሙ፤ ደም ተሰጣቸው፤ ባክቴሪያውም ስለተገኘባቸው ከኦሜፕራዞል ጋር ሁለት ዓይነት ፀረ ባክቴሪያ ለ14 ቀን ወሰዱ። በሕክምናው ወቅት ስለ ጾሙ ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካከሩ። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል ታዘዘላቸው፤ እርሱ ጨጓራን እንደ ሌሎቹ አይጎዳም። ነገር ግን ለጤነኛ አዋቂ እንኳ በ24 ሰዓት ውስጥ ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ጉበት የታመመ ሰው መጠኑን ሐኪም ይወስንለት።

ለልብ ሕመም አስፕሪን የታዘዘለት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አያቋርጥ። የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ ያየ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ያስመለሰ፣ ወይም ሆዱ በድንገት እንደ እንጨት የደረቀበት ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። የብረት እንክብልም ሰገራን ያጠቁራልና ይህን የሚወስድ መሆኑን ለሐኪሙ ይንገር።