ሰሌዳውና እርከኑ ሲለያዩ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሥራ መከታተያው ሰሌዳ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሴፍቲኔት ስንቱን ዓመት ሲሠራበት ስለኖረ «ያልተጀመረ፣ በመሠራት ላይ፣ የተጠናቀቀ» የሚለው ነገር ለማናችንም አዲስ አይደለም።

ሰሌዳው ከሥራው ወደኋላ የሚቀረው ሁልጊዜ በተንኮል አይደለም። የሚጽፈው ሰው የሚመጣው በስብሰባ ቀን ነው፤ ድንጋዩ ግን ሰኞም ማክሰኞም ይነሳል። እኛ ሂሳብ የምንሠራ ሰዎች ይህን ከባንክ ማስታረቂያ እናውቀዋለን፤ ቼኩ ተሰጥቶ ባንክ ገና ያልከፈለው ዓይነት ነው። ስለዚህ «ማን ዋሸ?» ከማለታችን በፊት «ይህ ቁጥር እስከ የትኛው ቀን ነው?» እንላለን።

አንድ ቡድን 2 ኪሎ ሜትር የድንጋይ እርከን ተመድቦለታል እንበል። ሰሌዳው «በመሠራት ላይ፣ 1,200 ሜትር» ይላል። የስም መቆጣጠሪያውን ስንደምር ግን እስከ ዓርብ 450 የሰው ቀን ተሠርቷል። በግብርናው የሥራ ልክ 1 ኪሎ ሜትር የድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን ይወስዳል። 450ን ለ250 ብናካፍል 1.8 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 1,800 ሜትር ይወጣል። ከዚህ በኋላ ሜትር ይዘን ከቡድን መሪዋና ከልማት ሠራተኛው ጋር ቦታው ድረስ መሄድ ነው። ተለክቶ 1,750 ከሆነ ሰሌዳው ዘገየ እንጂ ሥራ አልጎደለም። የቀድሞውን ቁጥር አንፋቀው፤ በአንድ መስመር ሰርዘን አዲሱን ከተለካበት ቀን ጋር እንጻፍ፣ የለካውም ይፈርም።

1,400 ብቻ ቢገኝስ? ቡድኑን ሰነፍ ለማለት አንቸኩል። ዝናብ የናደውን ሲጠግኑ ሰንብተው ይሆናል፤ ጥገና ቀን ይበላል፣ አዲስ ሜትር ግን አይጨምርም። ከዝናቡ በኋላ ያሉትን ቀኖች ለይተን ብናይ ይታወቃል፤ ጥገናውም የራሱ መስመር ይኑረው። ድንጋዩ ከሩቅ የሚጋዝ ከሆነም 250ው አይበቃም። ይህም ያም ካልሆነ፣ ሳይገኙ ስማቸው የተሞላላቸው አሉ ወይ ብለን መቆጣጠሪያውን በየስሙ እናያለን።

እኛን ይበልጥ የሚጎዳን ደግሞ የሰው መዝገብ ሲዘገይ ነው። ነፍሰ ጡር መሆኗ የተረጋገጠ እናት ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች፤ ሳትሠራ ይከፈላታል። ስሟ ከሥራው ዝርዝር ካልወጣ ግን በየቀኑ «ቀረች» እየተባለ ይጻፍባትና ክፍያዋ ይቆረጣል። እሷ ቤቷ ሆና ይህን የምታውቀው በክፍያ ቀን ነው። ስለዚህ የክፍያ ዝርዝሩ ከመዘጋቱ በፊት የጤና ኤክስቴንሽኗን ዝርዝርና የሥራውን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርገን በየስሙ እናንብብ። ከተረጋገጠበት ቀን ወዲህ የተጻፈው «ቀረች» ሁሉ ይሰረዛል። ዝርዝሩ ከተፈረመ በኋላ ከመጣን ግን ማስተካከያው የሚጠብቀው የሚቀጥለውን ክፍያ ነው፤ የዚህ ወር እህልም እስከዚያ በብድር ይገዛል።