ብሩስተር መስታወቱን ለምን ጠረጠረው? ስለሚንጸባረቅ ብርሃን ፖላራይዜሽን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ



ዛሬ ላቀርብላችሁ የመረጥኩት ርእስ በአንዲት ማዕዘን ላይ የተወሰነ ነው። ብርሃን ከአየር ተነሥቶ ውሃ ወይም መስታወት ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ይንጸባረቃል፤ ከፊሉ ደግሞ አቅጣጫውን ሰብሮ ወደ ውስጥ ይገባል። ተንጸባራቂው ጨረርና ተሰባሪው ጨረር እርስ በርሳቸው ቀጤ ነክ የሚሆኑባት፣ ማለትም በመካከላቸው 90 ዲግሪ የሚገኝባት አንዲት የአወዳደቅ ማዕዘን አለች። በዚህች ማዕዘን የሚንጸባረቀው ብርሃን ሙሉ በሙሉ ፖላራይዝድ ይሆናል። ይህ ሕግ እንዴት እንደተገኘና አስቀድሞ ለምን እንዳልተገኘ መናገር እወዳለሁ።

በ1808 ፈረንሳዊው ኤቲየን ሉዊ ማሉስ በፓሪስ ከሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች የሚንጸባረቀውን የምሽት ፀሐይ በካልሳይት ክሪስታል ውስጥ አሻግሮ ተመለከተ። ካልሳይት አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ የሚያሳይ ክሪስታል ነው። ማሉስ ክሪስታሉን ሲያዞረው ከሁለቱ ምስሎች አንዱ እየደበዘዘ ሌላው እየደመቀ ሄደ። በቀጥታ ከፀሐይ በሚመጣ ብርሃን ይህ አይታይም። እንግዲህ መስታወቱ ብርሃኑን ሲያንጸባርቅ አንድ ነገር አድርጎበታል ማለት ነው። ማሉስ ክስተቱን ፖላራይዜሽን ብሎ ሰየመው፤ ክስተቱ የሚጎላበትንም ማዕዘን ለካ። ለውሃ 52 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ፣ ለመስታወት 54 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ አገኘ። ነገር ግን ማዕዘኑን ከቁሱ ብርሃን የመስበር ኃይል ጋር የሚያያይዝ ሕግ ሊያገኝ አልቻለም። በ1812 ዐረፈ።

ማሉስ ያጣው ሕግ በሁለት መስመር የሚጻፍ ነው። የስብረት ሕግ እንዲህ ይላል፦

n₁ sin θ = n₂ sin r

እዚህ ላይ θ የአወዳደቅ ማዕዘን፣ r የስብረት ማዕዘን ሲሆኑ n₁ እና n₂ የሁለቱ ቁሶች የስብረት መጠን ናቸው። ሁለቱ ጨረሮች ቀጤ ነክ ከሆኑ θ እና r ተደምረው 90 ዲግሪ ይሆናሉ፤ ስለዚህ sin r ከ cos θ ጋር እኩል ነው። ይህን ስንተካ የምናገኘው፦

tan θ = n₂ / n₁

የስብረት መጠኑ 1.5 ለሆነ መስታወት ማዕዘኑ 56.3 ዲግሪ፣ ስብረቱም 33.7 ዲግሪ ይሆናል፤ ድምራቸው 90 ነው። ለውሃ፣ በ1.33 ስናሰላ፣ 53 ዲግሪ ገደማ እናገኛለን። የማሉስ የውሃ ልኬት ለዚህ በጣም የቀረበ ነበር። የመስታወቱ ልኬት ግን ከሚጠበቀው ከአንድ ዲግሪ ተኩል በላይ ያንሳል። እንቆቅልሹ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር ይህንኑ ችግር አንሥቶ ውሃንና የከበሩ ድንጋዮችን ለካ፤ ሕጉም ሠራለት። መስታወት ግን ለእርሱም እምቢ አለው። ሥራውን ለጊዜው እስከ መተው ደረሰ። በኋላ ግን ጥርጣሬውን ከሕጉ አንሥቶ ወደ መስታወቱ ገጽ አዞረው። መስታወት ለአየርና ለእርጥበት ተጋልጦ ሲቆይ ገጹ ኬሚካዊ ለውጥ ይደርስበታል፤ የላይኛው ስስ ሽፋን ከውስጡ ያነሰ የስብረት መጠን ይኖረዋል። የስብረት መጠን የሚለካው በመስታወቱ ውስጥ በሚያልፍ ብርሃን ነው፤ ፖላራይዜሽን ግን የሚወሰነው ብርሃኑ በሚያርፍበት ገጽ ነው። ሁለቱ ልኬቶች አንድ ነገር አይለኩም ነበር። ብሩስተር ይህን ተረድቶ ሕጉን በ1815 አሳተመ። ማዕዘኗም እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች።

ቀጤ ነክነቱ ለምን ይህን ያህል ወሳኝ ሆነ? ብርሃን ከሚጓዝበት አቅጣጫ በአግድም የሚርገበገብ የኤሌክትሪክ መስክ አለው። ርግብግቦሹን በሁለት እንክፈለው፦ አንደኛው ከመስታወቱ ገጽ ጋር ትይዩ ነው፤ ሁለተኛው ጨረሮቹ ሁሉ በሚገኙበት ጠለል ውስጥ ነው። ወደ መስታወቱ የገባው ብርሃን በውስጡ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ያርገበግባል፤ ተንጸባራቂውን ጨረር መልሰው የሚሰጡን እነዚህ ኤሌክትሮኖች ናቸው። የሚርገበገብ ኤሌክትሮን ግን እንደ ሬዲዮ አንቴና ዘንግ ነው፦ ወደ ጎኖቹ ይሰድዳል እንጂ በራሱ ዘንግ አቅጣጫ ምንም አይሰድድም። በጠለሉ ውስጥ የሚርገበገቡት ኤሌክትሮኖች ለተሰባሪው ጨረር ቀጤ ነክ ናቸው። ተንጸባራቂው ጨረርም ለተሰባሪው ቀጤ ነክ ሲሆን የሚሄደው በትክክል በእነርሱ ዘንግ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ከዚያ ክፍል ምንም አይደርሰንም፤ የሚቀረው ከገጹ ጋር ትይዩ የሆነው ርግብግቦሽ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ተንጸባራቂው ብርሃን ንጹሕ ነው እንጂ ብዙ አይደለም። ለመስታወት ከትይዩው ክፍል የሚንጸባረቀው 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ከጠቅላላው ብርሃን ደግሞ 7.4 በመቶ። ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን በአንጻሩ ብዙ ነው፤ ግን ፖላራይዝድ የሆነው በከፊል ብቻ ነው።

በማስተማር ዘመኔ ተማሪዎች በቤተ ሙከራ ሲሳሳቱ በተደጋጋሚ ያየሁት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማዕዘኑን ከመስታወቱ ገጽ መለካት ነው። 56 ሲጠበቅ 34 ያገኘ ተማሪ መሣሪያው አልተበላሸበትም፤ መለካት የነበረበት ለገጹ ቀጤ ነክ ከሆነው መስመር ነበር። ሁለተኛው ብርሃኑ ፈጽሞ አልጠፋም ብሎ የመስታወቱን የኋላ ገጽ መውቀስ ነው። ሁለቱ ገጾች ትይዩ ከሆኑ ግን የኋላው ገጽ ጥፋት የለበትም፤ ጨረሩ በ33.7 ዲግሪ ይደርስበታልና፣ ይህም ከመስታወት ወደ አየር ለሚወጣ ብርሃን ራሷ የብሩስተር ማዕዘን ናት። ይልቅስ የጨረሩን መስፋትና በገጹ ላይ ያለውን ቅባት መመርመር ይገባል። ጨረሩን በጠባብ ቀዳዳ አሳልፎ ገጹን አጽድቶ እንደገና መለካት የትኛው ጥፋተኛ እንደሆነ ይለያል። ብረት ከሆነ ግን ማጽዳትም አያድንም፤ ብረት ብርሃንን ስለሚውጥ ፍጹም የሚጠፋበት ማዕዘን የለውም።

ያለ ቤተ ሙከራም ይህን ማየት ይቻላል። ለውሃ 53 ዲግሪ ማለት ፀሐይ ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ስትል ማለት ነው። በጣና ዳርቻ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ይህ የሚሆነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማና ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ነው። ውሃው ጸጥ ባለ ጊዜ ፊታችሁን ወደ ፀሐይ አቅጣጫ አዙራችሁ፣ ፀሐይዋን ራሷን ሳታዩ፣ በውሃው ላይ ያለውን ነጸብራቅ ፖላራይዝድ በሆነ የፀሐይ መነጽር ተመልከቱ። ነጸብራቁ እጅግ ይደበዝዛል። ራሳችሁን ወደ ትከሻችሁ ስታዘነብሉ ተመልሶ ይደምቃል። ሞገድ ከተነሣ ግን እያንዳንዱ የውሃ ጠርዝ የራሱ ማዕዘን ስላለው ድብዘዛው ይቀንሳል።

ማሉስ በቂ ልኬት ነበረው፤ የውሃው ቁጥር ብቻውን ወደ ሕጉ ይጠቁም ነበር። መንገዱን የዘጋበት ቆሽሾ ሳይሆን አርጅቶ የተለወጠ፣ ለዓይን ግን ፍጹም ጥርት ያለ የመስታወት ገጽ ነበር።